«በርካሽ ዋጋ ጠንካራ ቤት» ሲባል ለምን አናምንም? ከዲምቱ የሚነሳ የአንድ መፈክር ነገር

«በተመጣጣኝ ዋጋ ጥራቱን የጠበቀ ቤት እንገነባለን።»

ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አይታችሁታል? በባነር፣ በታፔላ፣ በአይሱዙ ጎን፣ በቴሌግራም ቻናል። አሁን «ቤት» የሚለውን አውጡና «ጫማ» አስገቡበት። ይሠራል። «ሶፋ» በሉት፤ አሁንም ይሠራል። ለሁሉም የሚሆን መፈክር ስለ ማንም ምንም አይናገርም። ዓይናችን ዘሎት የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

ጫማ ሁለት ወር ላይ ቢቀደድ ተናደን ሌላ እንገዛለን። ቤት ግን አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ ነው የሚሠራው፣ እሱንም በዕቁብ፣ በብድር፣ ከብት ሸጦ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ልኮለት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንያዝ፦ ዋጋው የማይጎዳ፣ ግን የሚበረክት ቤት እሠራለሁ የሚል ድርጅት በአንድ መስመር ምን ቢል ነው የምናምነው? ጥያቄው የማስታወቂያ ይመስላል። መልሱ ግን ግማሹ ሲሚንቶና ፌሮ ውስጥ ነው ያለው።

እስቲ በሐሳባችን አንድ ማኅበር እንፍጠር። አምስት ወጣቶች ናቸው፣ ሁለቱ ግንበኛ፣ አንዱ ፌሮ ሠራተኛ፣ አንዷ ድራፍቲንግ የተማረች፣ አንዱ ሒሳብ የሚይዝ። የሚሠሩት ዲምቱ ነው። ለማታውቁት ዲምቱ በወላይታ ዞን የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ አቅጣጫ ስትወርዱ የምትገኝ ቆላማ ከተማ። ሙቀት አለ፣ ምስጥ አለ፣ ከሥር ደግሞ ስምጥ ሸለቆ አለ። ይሄን አስታውሱት፣ በኋላ ይፈለጋል። ወጣቶቹ ታፔላ ሊያሠሩ ነው፤ ሠዓሊው «ምን ልጻፍበት?» ብሎ ቀለሙን በጥብጦ ቆሟል።

(በነገራችን ላይ «መፈክር» ስንል ብዙዎቻችን ሰልፍ ነው ትዝ የሚለን። ነጋዴዎች «መሪ ቃል» ይሉታል። እኔ ግን መፈክር እላለሁ፣ ሰው የሚለው እሱን ስለሆነ።)

የመጀመሪያው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። በአማርኛ «ርካሽ» ዋጋን ብቻ አይናገርም። «ረከሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለት ይሆናል፣ ክብሩ ወረደ ማለትም ይሆናል። «የረከሰ ሥራ»፣ «ርካሽ ወሬ» እንላለን፤ ማንም በዚህ ጊዜ ስለ ብር አያስብም። ስለዚህ «ርካሽ ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው ዋጋውን እየነገረን ሳያውቀው ቤቱን ሰድቦታል። ይሄን የፈሩት ደግሞ ወደ «ተመጣጣኝ» ሸሹ። ከምን ጋር ነው የሚመጣጠነው? ከእኔ ደመወዝ ጋር ነው? ከጎረቤት ዋጋ ጋር? አይነግረንም። «አቅምን ያገናዘበ» የሚለው ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይሸታል።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። «ዋጋው ዝቅ ያለ» እና «ጠንካራ» ጎን ለጎን ሲቆሙ በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ይጣላሉ። ሰው ሞኝ አይደለም። ዋጋ የቀነሰ ሰው ከሆነ ነገር ላይ ቀንሷል ብሎ ያስባል፣ ልክም ነው። ከሲሚንቶው ይሆን? ከፌሮው? መፈክሩ ይሄን ጥያቄ እስካልመለሰ ድረስ «ጠንካራ» የሚለው ቃል በትልቁ ቢጻፍ ጥርጣሬውን ነው የሚያተልቀው።

እዚህ ላይ አገራችን ውስጥ የሠራ አንድ ምሳሌ አለ፣ ግን ማንም እንደ መፈክር አይቆጥረውም። «20/80»።

የአዲስ አበባው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሲጀመር ስሙ ረጅምና የቢሮ ነበር፣ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም። ሕዝብ አፍ ላይ የቀረው ግን ቁጥሩ ነው። 20 በመቶውን አንተ ትቆጥባለህ፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድርሃል። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ 10/90 እና 40/60 መጡ። አንዲት እናት ጎረቤቷን «ስንት ነሽ?» ስትላት «ሃያ ሰማንያ ነኝ» ትላታለች። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቁጥሩ «ተመጣጣኝ» አላለም፣ «አቅምን ያገናዘበ» አላለም። አንተ የምታወጣው ይሄ ነው አለ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ዕጣው ለስንቱ ደረሰ፣ ስንቱስ እየቆጠበ ቀረ የሚለው ሌላ ረጅም ታሪክ ነው። እንደ መልእክት ግን የዋጋውን ግማሽ ያለ አንዳች ቅጽል ፈቶታል።

የጥንካሬውን ግማሽስ? እሱ ላይ 20/80 ዝም ነው ያለው። ለዲምቱዎቹ ልጆች የቀረው ሥራ ይሄ ነው፣ ለጥንካሬም እንደ 20/80 ሊጨበጥ የሚችል ነገር ማግኘት።

ቁጥር ሁሉ ግን እውነት አይናገርም። «ባለ 35 ቆርቆሮ እንጠቀማለን» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ምን ይመስላችኋል? ከ28 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይሻላል? ተገላቢጦሽ ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ከ32 ይሳሳል፣ 32 ደግሞ ከ28። ስለዚህ አንባቢው ሊያነበው የማይችል ቁጥር ከቅጽል አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል።

አሁን ልጆቹ ታፔላው ላይ ሊጽፉ ያሰቡትን አንድ በአንድ እንፈትን።

«የማይፈርስ ቤት።» ይሄ ወዲያው ይውደቅ። የማይፈርስ ቤት የለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ደግሞ ድፍረት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ተሰምቶታል፤ ያ ስንጥቅ ወደ ደቡብ ወርዶ በወላይታ ቆላ በኩል ያልፋል። ከሕግም አንጻር አያዋጣም፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። «የማይፈርስ» ብሎ ጽፎ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ታፔላው ራሱ ምስክር ይሆንበታል።

«ምስጥ የማይበላው ቤት።» ይሄኛው ለቆላ ሰው ልብ ይቀርባል። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ማገሩና ቋሚው ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ውስጡ ባዶ። ብሎኬት ደግሞ ምስጥ አይበላውም፣ እውነት ነው። ግን ከጣሪያው ሥር ያለው ምንድነው? ባሕር ዛፍ። የበሩ ቋሚስ? እንጨት ከሆነ እሱም ይበላል። ምስጥ በብሎኬቱ ቀዳዳ ወይም በግድግዳው ላይ የአፈር መንገዱን እየሠራ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መፈክሩ ለግድግዳው እውነት፣ ለጣሪያው ውሸት ነው። በግማሽ እውነት የሚቆም ቃል ደግሞ ደንበኛው ጣሪያው የጎበጠ ቀን ሙሉ ውሸት ይሆናል።

«የ10 ዓመት ዋስትና እንሰጣለን።» ይሄ ጥሩ ይመስላል። ቁጥር አለው፣ ቃል ኪዳን አለው። እኔም መጀመሪያ በዚህ ልጨርስ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ስጦታ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3039 አለ። ሕንፃ የሠራ የሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ኃላፊ ነው ይላል። በሥራ ጉድለት ምክንያት ቢበላሽ ወይም ቢፈርስ ተጠያቂ ነው። ይሄ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የተሠራበት መሬት ጠባይ ያመጣው ጉዳትም በሱ ላይ ነው። ማለትም «ምን ላድርግ፣ አፈሩ ነው እኮ የሰመጠው» የሚለው የተለመደ መልስ አያስመልጥም፤ አፈሩን አይቶ መሠረቱን መወሰን የሱ ሥራ ነበር። ውል ውስጥ «ዋስትናው 1 ዓመት ነው» ተብሎ ቢጻፍስ? ያ አንቀጽ 10 ዓመቱን የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል።

ስለዚህ «10 ዓመት ዋስትና» ብሎ መፎከር «ደረሰኝ እንሰጣለን» ብሎ እንደመፎከር ነው። ግዴታህ ነው! ይሁንና ብዙ ሰው መብቱን አያውቅም፤ ቢያውቅም ማስረጃ የለውም። ከግንበኛ ጋር በቃል ተስማምቶ፣ በየሳምንቱ ብር ከኪሱ እየከፈለ፣ የርክክብ ወረቀት ሳይፈርም ቁልፍ ይረከባል። 10 ዓመቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ስለዚህ መፈክር ባይሆንም ከመፈክሩ ሥር በትንሹ ሊጻፍ የሚገባው «የርክክብ ወረቀት ከቀን ጋር ፈርመን እንሰጣለን» የሚለው ነው። ያለ እሱ ወረቀት የሕጉ 10 ዓመት አየር ላይ ነው የሚቀረው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ከየት ቀነሳችሁ?

እዚህ ጋ እስክሪብቶ ያዙ፣ ቀላል ሒሳብ ነው። ልጆቹ የሚሠሩት ቤት 6 ሜትር በ5 ሜትር ነው እንበል፣ 30 ካሬ። የውስጥ ክፍፍሉን ለጊዜው እንተወው። የዙሪያው ግድግዳ ርዝመት 22 ሜትር ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ 66 ካሬ ግድግዳ ይሆናል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 60 ካሬ። አንድ ካሬ ግድግዳ 12 ብሎኬት ተኩል ይበላል (የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ሳንቲ ስለሆነ)። ስለዚህ ወደ 750 ብሎኬት።

የዚህ ግድግዳ የውስጥ ፊት ቢለሰን ምን ያህል ሲሚንቶ ይፈልጋል? ልስኑ 2 ሳንቲ ውፍረት ቢኖረው 60 ካሬው 1.2 ሜትር ኩብ ልስን ይሆናል። በተለመደው ድብልቅ ይሄ 8 ወይም 9 ከረጢት ሲሚንቶ ነው፣ ባለ 50 ኪሎው። አሸዋውና የለሳኙ ቀን ክፍያ ሲጨመር ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳው ጫፍ እንውጣ። ከብሎኬቱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ አለ፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም ይሉታል። ስፋቱና ቁመቱ 20 ሳንቲ ቢሆን ለ22 ሜትሩ ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፣ ይሄ 6 ወይም 7 ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ፌሮውስ? አራት ፌሮ ዙሪያውን ይሄዳል፤ መደራረቢያውና ማዕዘኑ ሲታሰብ ባለ 12 ሜትሩ 9 ፌሮ አካባቢ። በየ20 ሳንቲው ስታፋ ይታሰራል፣ ወደ 110 ስታፋ።

ይሄ ቀበቶ ምን ይሠራል? አራት ግድግዳ ያለ ቀበቶ አራት ለየብቻ የቆመ ካርቶን ነው። መሬት ሲነቀነቅ አንዱ ወደ ውጭ ይጋደማል፣ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል፣ ከዚያ ጣሪያው ይወርዳል። ቀበቶው አራቱን አንድ ሳጥን ያደርጋቸዋል። መሬት ባይነቀነቅም፣ አንዱ የመሠረት ጥግ በዝናብ ለስልሶ ትንሽ ሲሰምጥ ቀበቶው ስንጥቁን ይገታዋል። በየሠፈራችን ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ወይ መሠረቱ ሰምጧል፣ ወይ የሚያስር ነገር የለም፣ ወይ ሁለቱም።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። የውስጥ ልስኑ የሚበላው 8 ወይም 9 ከረጢት፣ ቀበቶው የሚበላው 6 ወይም 7። ማለትም ዘንድሮ የውስጡን ልስን ያቆየ ሰው የቀበቶውን ሲሚንቶ አገኘ። ከለሳኙና ከአሸዋው የተረፈው ደግሞ ለፌሮው ይደግፋል፤ ሙሉ በሙሉ ላይሸፍን ይችላል፣ ፌሮ ውድ ነው።

ልዩነቱ ምንድነው? ልስኑን በሚቀጥለው ዓመት፣ ቡናው ሲሸጥ፣ ዕቁቡ ሲደርስ መለሰን ይቻላል። ቀበቶውን ግን ጣሪያ ከተመታ በኋላ «አሁን ብር አገኘሁ» ብላችሁ አታስገቡትም። መሠረቱንማ ጭራሽ።

መፈክሩ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው የተቀመጠው፦

«ልስን ይደርሳል፤ መሠረት አይደገምም።»

ድጋሚ አንብቡት። «ርካሽ» አላለም፣ «ጠንካራ» አላለም፣ ግን ሁለቱንም ተናገረ። ዋጋው ለምን እንደቀነሰ ነገራችሁ፣ ልስኑ ስለቆየ ነው። የት እንዳልቀነሰም ነገራችሁ። ሁለቱ ሐሳቦች መጣላታቸውን አቆሙ፣ ምክንያቱም አንዱ የሌላው ምክንያት ሆነ።

ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ብዙ የኮንዶሚኒየም ባለዕድለኛ ቁልፍ ሲረከብ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የውስጥ ሥራውን ራሱ ነው የጨረሰው። በቺሊ ኢኪኬ በምትባል ከተማ ደግሞ በ1996/97 ዓ.ም. አካባቢ አሌሃንድሮ አራቬና የሚባል አርክቴክትና ባልደረቦቹ ለድሃ ቤተሰቦች ግማሽ ቤት ሠሩ። መንግሥት የሰጠው ገንዘብ ለሙሉ ቤት አይበቃም ነበር። እነሱ የመረጡት ቤተሰቡ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ግማሽ ነው፣ ዋናውን አጥንት፣ ደረጃውን፣ መታጠቢያና ወጥ ቤቱን። ቀሪውን ክፍት ቦታ ነዋሪው ቀስ እያለ ሞላው።

ግን አሁን ራሴን ልቃወም። መፈክሩ ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንደኛው፣ «ልስን ይደርሳል» የውስጡን እንጂ የውጩን አይመለከትም። ብሎኬት ውሃ ይመጣል። ዝናብ በሚመታው ጎን ያለ ልስን ከተተወ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጥ ያለ ፌሮ ካለም ይዝጋል። ስለዚህ ውጩ ይለሰናል፣ የጣሪያው ክፈፍም በደንብ ወጣ ይላል። ከመሬት ተነስቶ ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ከሰማይ ከሚወርደው አይተናነስም። ድርጅቱ ይሄን ሳያብራራ መፈክሩን ለስንፍና ከተጠቀመበት ጥሩ ቃል በመጥፎ ሥራ ተበላ ማለት ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ደንበኛው ያልተለሰነ ግድግዳ ያያል፣ መሠረቱን ግን አያይም፤ ተቀብሯል። «አይደገምም» ያለው ሰው በትክክል ሠርቶት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ነው ከመፈክሩ ሥር አንድ የሚፈተሽ ቁጥር የሚያስፈልገው። እኔ የምመርጠው 28 ነው።

«28 ቀን ያልሞላው ብሎኬት አንገነባም።»

ለምን 28? ሲሚንቶ ሲጠነክር ደረቀ እንላለን፣ ግን እየደረቀ አይደለም፤ ከውሃ ጋር እየተዋሃደ ነው የሚጠነክረው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ሥራው በግማሽ ይቆማል፤ በኋላ ብታጠጡት ያመለጠውን ሁሉ አይመልስም። ለዚህ ነው ብሎኬት ከሞልድ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በጥላ ሥር ሆኖ ውሃ የሚጠጣው፣ ሙሉ ጥንካሬውም በ28 ቀን የሚለካው። ዲምቱን በመሰለ ሞቃት ቦታ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ብሎኬት ከሰዓት ነጭ ሆኖ «ደርሷል» ይመስላል። አልደረሰም፣ ተጠምቷል።

ብሎኬት ሻጩ ደግሞ መቆየት አይወድም። ቦታ ይይዝበታል፣ ብሩ ይታሰርበታል። በሦስተኛ ቀኑ ጭኖ ይሸጠዋል። እንዴት ታውቃላችሁ? ሁለት ብሎኬት አንስታችሁ አጋጩት፤ የበሰለው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ያልበሰለው ወይም ሲሚንቶ ያነሰው ድፍን ነው። ጠርዙን በቁልፍ ፋቁት፤ እንደ ቆሎ ዱቄት ከረገፈ ተዉት። በመኪና ሲመጣ ስንቱ ተሰባብሮ እንደወረደ ቁጠሩ። ይሄ የላብራቶሪ መፍጫ ማሽንን አይተካም፣ ግን በጣም መጥፎውን ለመለየት ይበቃል። ማኅበሩ ቃሉን የምር ካለው ደግሞ በየቁልሉ ላይ የተመረተበትን ቀን በቀለም ይጽፋል። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ቀን ይቆጥራል። በማስታወቂያና በማስረጃ መካከል ያለው ርቀት የዚያችን ቀለም ያህል ነው።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልበል። ዲምቱ ላይ ገበያው የሚነጋገረው በወላይትኛ ነው። ታፔላው በአማርኛ ብቻ ከቆመ ቤት የሚያሠራው አባት በልጁ አስነብቦ ነው የሚሰማው። የአማርኛው መፈክር ጉልበቱ በሁለት አጭር ግሦች መጋጨት ላይ ነው፣ «ይደርሳል»፣ «አይደገምም»። ቃል በቃል ወደ ወላይትኛ ቢገለበጥ ይሄ ምት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ አይተርጎም፣ እንደገና ይጻፍ። ግንባታ የሚያውቅና ወላይትኛ አፉን የፈታበት ሰው ይቀመጥና «ልስን በኋላ ይሆናል፣ መሠረት ግን አንዴ ነው» የሚለውን ነገር አያቱ ቡና ላይ እንዴት እንደሚሉት ያስብ። «ኬታ» (ቤት) የሚለው ቃል ውስጡ መኖር አለበት፤ አማርኛው «ቤት» ሳይል ቢያልፍም ችግር የለውም፣ ምክንያቱም «መሠረት» እና «ልስን» ቤት ናቸው።

መጠኑንም እንዳትረሱ። መፈክሩ አራት ቃል ነው፣ ስለዚህ ባጃጅ ጀርባ ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ እየሄደ ይነበባል። «28 ቀን» የሚለው ብሎኬቱ የሚመረትበት ግቢ አጥር ላይ ይሁን፣ ሊፈተሽ የሚችለው እዚያ ስለሆነ። የርክክብ ወረቀቱ ነገር ደግሞ ቢሮው ውስጥ፣ ውል ከሚፈረምበት ጠረጴዛ በላይ። ሦስቱን አንድ ታፔላ ላይ ከደረደራችኋቸው የምርጫ ፖስተር ይሆናል፣ ማንም አያነበውም።

ስልክ ቁጥሩ ሥር ግን አንዲት ትንሽ መስመር ቦታ አላት። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ አስጽፍባት ነበር፦ «መሠረቱና ቀበቶው ኮንክሪት ሳይሞላ በፊት እንደውልልዎታለን፤ መጥተው ፌሮውን ይቁጠሩ።»